ከቪዲዮ ቃለ መጠይቅ በፊት የቤት ኔትወርክን መመርመር፦ ስለ መዘግየትና ስለ ወረፋ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት አጭር ማስታወሻ ናት። ከቤታቸው ሆነው ለውጭ ድርጅቶች የሚሠሩ ወይም ለመሥራት የሚያመለክቱ ተመራቂዎች ከቪዲዮ ቃለ መጠይቅ በፊት የቤታቸውን ኔትወርክ ያሰናዱ ዘንድ የሚረዳ የማረጋገጫ ዝርዝር እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። ዝርዝሩን መጻፉ አላስቸገረም፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ያልተነገረለት ዝርዝር ነገሩ ከታሰበው ትንሽ ዘወር ባለ ጊዜ ባለቤቱን ይጥለዋል። ስለዚህ ዛሬ ዝርዝሩን ከማንበቤ አስቀድሞ ከጀርባው ያለውን አንድ ነገር ላስረዳ እወዳለሁ።

በየስፍራው የሚሰጠው የተለመደ ምክር «የኢንተርኔትህን ፍጥነት ለካ» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት ነው አልልም፤ ግን የሚለካው ለቃለ መጠይቅ እምብዛም የማይፈለገውን ነገር ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚነግረን በአንድ ሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚተላለፍ ነው። የሁለት ሰዎች የቪዲዮ ንግግር ደግሞ ብዙ አይበላም። ለምሳሌ ዙም ለሁለት ሰዎች ጥሩ ጥራት ላለው ምስል በየአቅጣጫው 0.6 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለተሻለው ጥራት 1.2 ሜጋቢት በሰከንድ ይበቃል ይላል። ድምፁ ብቻውን ከሆነ ከ0.1 ሜጋቢት በታች ነው። ታዲያ 10 ሜጋቢት ያለው ቤት ስለምን ይቸገራል? ማታ ማታ ፊልም ያለ አንዳች እንከን የሚታይበት መስመር በማግሥቱ ቃለ መጠይቅ ላይ ለምን ይቆራረጣል?

መልሱ ፊልምና ንግግር ከኔትወርኩ የሚፈልጉት የተለያየ በመሆኑ ላይ ነው። ፊልም የሚያሳየን ፕሮግራም የብዙ ሰከንዶች ስንቅ አስቀድሞ ይይዛል። መስመሩ ለሦስት ሰከንድ ቢደናቀፍ ከስንቁ እየቀለበ ያሳልፈዋል፤ ተመልካቹም አይታወቀውም። ንግግር ግን ስንቅ መያዝ አይችልም፤ ገና ያልተነገረ ቃል ከየት ይከማቻል? የቪዲዮ ንግግር ፕሮግራሞች ድምፁን በጥቃቅን ፓኬቶች ከፋፍለው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ ይልካሉ። ተቀባዩ ወገን ፓኬቶቹን ለአፍታ ያህል ብቻ ይዞ በተርታ ያሰማቸዋል። ከዚያች አፍታ በኋላ የደረሰ ፓኬት ደኅና ሆኖ ቢደርስም እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ ጊዜው አልፏልና። እንግዲህ ለእኛ ቁም ነገሩ እያንዳንዱ ፓኬት በሰዓቱ መድረሱ፣ የመድረሻውም ጊዜ አለመዋዠቁ ነው።

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ለድምፅ ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ መልካም እንደሆነ፣ ከ400 ሚሊ ሰከንድ በላይ የሆነው ግን ለኔትወርክ ዕቅድ ተቀባይነት እንደሌለው ያስቀምጣል። ቁጥሮቹ ዝም ብለው የተመረጡ አይደሉም። በተለያዩ ቋንቋዎች ላይ የተደረጉ የንግግር ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ አንዱ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ዓይን ጨፍኖ ከመግለጥ አይበልጥም። አሁን በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ሰከንድ ጨምሩበት። ጠያቂው ጥያቄውን ይጨርሳል፤ ዝምታ ይሆናል፤ ያልተሰማ መስሎት ጥያቄውን ይደግማል፤ በዚያው ቅጽበት የእናንተ መልስ ይደርስና ሁለታችሁ ትጋጫላችሁ። ጠያቂው ወረፋ የያዘውን ፓኬት አያይም። የሚያየው የሚያመነታ፣ ወይም ሰው ሳይጨርስ የሚያቋርጥ ተወዳዳሪ ነው። በእኔ አስተያየት ከሙሉ መቋረጥ ይልቅ ይህ ይከፋል። መስመሩ ቢቋረጥ ሁሉም ኔትወርክ ነው ይላል፤ መዘግየት ግን የሰው ጠባይ ይመስላል።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል? አንዱ ክፍል ርቀት ነው፤ በእርሱ ላይ ምንም ሥልጣን የለንም። ብርሃን በመስታወት ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ኒው ዮርክ በቀጥታ ወደ 11,200 ኪሎ ሜትር ነውና መሄጃው ብቻ 56 ሚሊ ሰከንድ፣ ደርሶ መልሱ 112 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ይህም ፋይበሩ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ ነው። የእኛ አገር ግን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር ይገናኛል፤ መንገዱም ይጠማዘዛል። እዚህ ላይ የሚባክነውን ጊዜ ማንም አይመልሰውም። የቀረን ሌላው ክፍል ወረፋ ነው፤ የሚበዛውም ጊዜ ከገዛ ቤታችን ውስጥ የሚጀምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጂም ጌቲስ የተባለው የታወቀ የኮምፒዩተር መሐንዲስ ከቤቱ ሆኖ ትላልቅ ፋይሎችን ሲልክ የመስመሩ መዘግየት ከአንድ ሰከንድ በላይ መውጣቱን ታዘበ። ምክንያቱን ሲመረምር መንሥኤው የአቅም ማነስ ሆኖ አላገኘውም፤ የማጠራቀሚያ ቋት መብዛት ሆኖ አገኘው። የማስታወሻ ቺፕ ዋጋ ስለ ረከሰ አምራቾች በሞደምና በራውተር ውስጥ ፓኬት የሚጠራቀምበትን ቋት አስፍተውት ነበር። ሐሳባቸው ደግ ነው፤ ፓኬት ከሚጣል ይቆይ ነው ያሉት። ውጤቱ ግን ወረፋው እጅግ መርዘሙ ሆነ። በርሜሉ ሰፊ፣ ቧንቧው ቀጭን ሲሆን አሁን የገባችው ጠብታ የምትወጣው ከእርሷ በፊት የተጠራቀመው ሁሉ ከወረደ በኋላ ነው። ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነገሩ ይብሳል፤ እነርሱም ቀጭን የመላኪያ አቅምና ባለማቋረጥ የሚልክ ሌላ መሣሪያ ናቸው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የመረጥኳቸው ናቸው፤ ስሌቱ ግን በእያንዳንዱ ቤት ይሠራል። አንዲት ተመራቂ በአዲስ አበባ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከቤተሰቧ ጋር ትኖራለች እንበል። ቤቱ ባለ ፋይበር መስመር ነው፤ የፍጥነት መለኪያው ለማውረድ 10፣ ለመላክ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ያሳያል። ከላይ እንዳየነው ለቪዲዮ ንግግር ይህ ከበቂ በላይ ነው። በሳምንቱ ረቡዕ ከኒው ዮርክ ቃለ መጠይቅ አለባት። ከጓደኛዋ ጋር ስትለማመድ ድምፁ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይስተካከላል፤ ምክንያቱ አልተገኘም።

እንዲህ ያለውን ነገር የምንመረምረው ከውስጥ ወደ ውጭ እየሄድን ነው። መሣሪያው ፒንግ ነው፤ በየኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ፤ ክፍያም የለውም። አንድ ትንሽ መልእክት ይልክና መልሱ እስኪመጣ የወሰደውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይነግረናል። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ መጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ እንፈልጋለን፤ ከዚያ አንድ መቶ ጊዜ ወደ ራውተሩ፣ አንድ መቶ ጊዜ ደግሞ ወደ ውጭ እንልካለን፦

```
ipconfig
ping -n 100 192.168.1.1
ping -n 100 8.8.8.8
```

በመጀመሪያው ትእዛዝ መልስ ውስጥ Default Gateway ከሚለው ትይዩ የሚታየው ቁጥር የራውተራችሁ አድራሻ ነው፤ ከ192.168.1.1 የተለየ ከሆነ በሁለተኛው መስመር ላይ የራሳችሁን ተኩ። በማክና በሊኑክስ በ-n ፈንታ -c ይጻፋል። 8.8.8.8 የጉግል የታወቀ አገልጋይ አድራሻ ነው፤ ጠያቂያችሁ ያለበት ስፍራ አይደለም። ለእኛ ግን ከቤት ውጭ ያለውን መንገድ ለማየት ይበቃል።

ተመራቂዋ ይህን በጸጥታ ሰዓት አደረገችው። ወደ ራውተሩ 3 ሚሊ ሰከንድ፣ ወደ ውጭ 70 ሚሊ ሰከንድ ሆነ፤ መልካም ነው። ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ቁም ነገሩ ግን ገና አልተጀመረም። ባዶ መንገድ ላይ የተደረገ መለኪያ ስለ ወረፋ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ሁለተኛውን መለኪያ በጭነት ታደርገዋለች። ከስልኳ አንድ ረጅም ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ መላክ ትጀምርና ያው እየተላከ ሳለ ሁለቱን ፒንጎች ትደግማለች። አሁን ወደ ራውተሩ 4 ሚሊ ሰከንድ፣ ወደ ውጭ ግን 1,090 ሚሊ ሰከንድ ሆነ።

ቁጥሩ ከየት መጣ? በመስመሩ መውጫ ላይ ያለው ቋት 256 ኪሎባይት ይይዛል እንበል። በቢት ሲሰላ ወደ 2,048 ኪሎቢት ይሆናል። መላኪያው በሰከንድ 2,000 ኪሎቢት የሚያስተላልፍ ስለሆነ የሞላው ቋት እስኪራገፍ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል። በዚህ ላይ የመንገዱን 70 ሚሊ ሰከንድ ስንጨምር ከመለኪያው ጋር ይገጥማል። የተመራቂዋ ድምፅ እያንዳንዱ ፓኬት ከቪዲዮው ፓኬቶች ኋላ ተሰልፎ አንድ ሰከንድ ይጠብቃል ማለት ነው።

ያ ምክንያቱ ያልታወቀ «አንዳንዴ» አሁን ተገለጠ። የወንድሟ ስልክ ከዋይፋይ ጋር በተገናኘ ቁጥር የዕለቱን ፎቶግራፎች በራሱ ጊዜ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይልካል። እርሱ ከሥራ ሲገባ ወረፋው ይጀምራል፤ ፎቶግራፉ ሲያልቅ ይቆማል። በቤቱ ውስጥ ማንም ፊልም አላየም፣ ማንም ፋይል አላወረደም፤ ሁሉም «እኔ ኢንተርኔት አልተጠቀምኩም» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ቤተሰብን «ኢንተርኔት አትጠቀሙ» ብሎ መለመን ብቻውን አይበቃም። ስልኮቹ ለዚያች ሰዓት ከዋይፋዩ እንዲለዩ ማድረግ ይሻላል። ራሱን የሚያድሰው ላፕቶፕና ምስሉን ወደ ውጭ የሚልክ የደኅንነት ካሜራ ካለ እንዲሁ።

ሁለተኛ መፍትሔም አለ። አንዳንድ ራውተሮች QoS ወይም SQM የሚል ምዕራፍ በማስተካከያ ገጻቸው ላይ አላቸው። እዚያ ገብቶ የመላኪያውን ጣሪያ ከተለካው አቅም 85 በመቶ ገደማ፣ በምሳሌአችን 1.7 ሜጋቢት በሰከንድ ላይ ማሰር ይቻላል። ለምን ዝቅ ይደረጋል? ወረፋ ሁልጊዜ የሚሠራው በጠባቡ ስፍራ ላይ ነው። ራውተራችን ከመስመሩ ትንሽ ቢጠብብ ወረፋው እኛ ወደማናዝዝበት ሞደም መሄዱን ትቶ እኛ ወደምናዝዝበት ራውተር ይመጣል። SQM ያለው ራውተር ደግሞ ወረፋውን በአግባቡ ያስተናግዳል፤ ትንሿን የድምፅ ፓኬት ከትልቁ ጭነት ኋላ አያቆማትም። ለዚህ የሚያገለግለው ኤፍኪው ኮዴል የተባለው ስልት እ.ኤ.አ. በ2018 በበይነ መረብ ደረጃ አውጪዎች ሰነድነት ወጥቷል። ከአገልግሎት ሰጪ የሚታደሉ ርካሽ ራውተሮች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ QoS የሚለው ስም በየአምራቹ የተለያየ ነገር ስለሚያመለክት ካስተካከሉ በኋላ በጭነት ደግሞ መለካት ይገባል። ወደ ውጭ የሚሄደው ፒንግ ከ1,090 ወደ 100 አካባቢ ከወረደ ሠርቷል፤ ካልወረደ ምዕራፉ ለስም ብቻ የተቀመጠ ነው።

እስካሁን ያየነው ወደ ራውተሩ የሚሄደው ፒንግ ጤናማ የሆነበትን ነው። እርሱ ራሱ ቢታመምስ? መልሶቹ 3፣ 2፣ 180፣ 4፣ 95 እያሉ የሚዘሉ ከሆነ፣ በመካከልም Request timed out የሚል ከታየ ነገሩ ከኢንተርኔቱ አይደለም፤ በሳሎንና በመኝታ ቤት መካከል ባለው ዋይፋይ ላይ ነው። ዋይፋይ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም የሚልበት መድረክ ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁሉ ተራ ይጠባበቃሉ፤ የጎረቤት ራውተርም ጭምር። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይደራረቡ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የዋይፋይ ስሞችን ዝርዝር ከፍታችሁ ብትቆጥሩ ሃያና ሠላሳ ማግኘት አያስደንቅም፤ ያ ሁሉ በሦስት መንገድ ነው የሚተላለፈው። 5 ጊጋኸርዝ ብዙ ቻናሎች አሉት፤ ነገር ግን የሲሚንቶ ግድግዳ ይበልጥ ያደክመዋል። ስለዚህ ከራውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ካልተቀመጡ በቀር ጥቅሙ ይቀንሳል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ራውተሮች ለፒንግ መልስ መስጠትን እንደ ትርፍ ሥራ ስለሚያዩት በመቶው ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ቢታይ ማስረጃ አይሆንም። በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕም ኃይል ለመቆጠብ የዋይፋይ መሣሪያውን ስለሚያሳርፈው ቁጥሩ ይዘላል፤ ሲለካ ከኃይል ጋር ማያያዝ ይገባል። ፍርድ የሚሰጠው ግን የኔትወርክ ገመድ ነው። ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ያንኑ መቶ ፒንግ ድገሙ። ሁሉም 1 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በታች ከሆነ ወንጀለኛው ዋይፋይ ነበር፤ መፍትሔውም እጃችሁ ላይ ያለው ያው ገመድ ነው። ለቃለ መጠይቅ የሚሆን አንድ ዕቃ ብቻ ግዙ ብባል ከተሻለ ካሜራ በፊት አሥር ሜትር ገመድ አስገዛ ነበር።

ሦስተኛው ሁኔታ ከእጃችን ውጭ ነው። በገመድ ተገናኝተናል፣ በቤቱ ውስጥ የሚልክ የለም፣ ወደ ራውተሩም 1 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ወደ ውጭ ግን ቀን 70 የነበረው ማታ 300 ይሆንና ይዋዥቃል። ይህ የአገልግሎት ሰጪው ወይም ከዚያ ወዲያ ያለ መንገድ መጨናነቅ ነው፤ ምንም ዓይነት ራውተር አያድነውም። እዚህ ላይ የሚለካበት ሰዓት ወሳኝ ነው። በኒው ዮርክ ከረፋዱ 4 ሰዓት የተቀጠረ ቃለ መጠይቅ በእኛ ዘንድ በበጋቸው ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይውላል፤ እነርሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ያዛውራሉ፣ እኛ አናዛውርም። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩን የሚከፍትበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት የተደረገ ልምምድ ስለዚያ ምሽት አይመሰክርም። ቃለ መጠይቁ ረቡዕ ከሆነ ባለፈው ረቡዕ በዚያው ሰዓት መለካት ነው።

እንዲህ ከሆነ የምናሰናዳው ሌላ መንገድ ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ የሞባይል ዳታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በአገራችን ሁለት የሞባይል ኦፕሬተሮች አሉ። የቤቱ መስመር የአንዱ ከሆነ መጠባበቂያው የሌላው ቢሆን ይመረጣል፤ በአንዱ ላይ የደረሰ ችግር ሁለቱንም እንዳይዝ። ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ማገናኘት በዋይፋይ ከማጋራት ይሻላል። ያ የተጨናነቀው 2.4 ጊጋኸርዝ እዚህም ተመልሶ እንዳይመጣ ያደርጋል፤ ስልኩም በዚያው ኃይል ይሞላል።

በሞባይል መጠባበቂያ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ወጥመድ አለ። ስልኩ ጥሪን በ4ጂ ላይ የማያስተናግድ ከሆነ፣ ማለትም ቮልቲ የሚባለው አገልግሎት በስልኩ ወይም በሲሙ ላይ ካልተከፈተ፣ ሰው በደወለ ቁጥር ስልኩ ጥሪውን ለመቀበል ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። ዳታውም አብሮ ይወርዳል፤ በ2ጂ ላይ ጨርሶ ይቆማል። «እንዴት ሆነልሽ?» ብላ የደወለች አክስት ቃለ መጠይቁን ልታቋርጠው ትችላለች። ስልኩን ድምፅ አልባ ማድረግ አይረዳም፤ ጥሪው ስልኩ ዘንድ ደርሷልና። መፍትሔው ጥሪዎችን ሁሉ ለጊዜው ወደ ሌላ ቁጥር ማስተላለፍ ነው። በጂ.ኤስ.ኤም. ስልኮች የተለመደው ኮድ **21* ካሉ በኋላ የሚተላለፍበትን ቁጥርና # አስከትሎ መደወል ሲሆን፣ ለመሰረዝ ##21# ይደወላል። ያን ጊዜ ጥሪው ስልኩን ሳይነካ ያልፋል። አስቀድሞ ከሌላ ስልክ በመደወል መሥራቱን መፈተን ያሻል።

የመብራትን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ራውተር የለውም። የፋይበር መስመር ባለበት ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዕቃዎች አሉ፤ ፋይበሩ የሚገባበት ትንሽ ሳጥንና ራውተሩ። አንዱን ብቻ በመጠባበቂያ ኃይል ላይ የሰካ ሰው ዋይፋዩ ይታየዋል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ገበያ ላይ ለራውተር ተብለው የሚሸጡ አነስተኛ ባለ ባትሪ መጠባበቂያዎች አሉ። 8,800 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ቢጻፍበት በባትሪው 3.7 ቮልት ሲባዛ 32 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ከብክነት የሚተርፈውን 26 እንበል። ሁለቱ ዕቃዎች በአንድነት 15 ዋት ቢወስዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጥቂት በላይ ያቆያቸዋል፤ ለአንድ ቃለ መጠይቅ ይበቃል። የዕቃው ቮልት ከመጠባበቂያው ጋር መግጠሙን በሶኬቱ ላይ ከተጻፈው ማረጋገጥ የግድ ነው። ከዚያ አንድ ቀን አስቀድሞ ሶኬቱን ከግድግዳ ነቅሎ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ማየት ነው፤ አሮጌ ባትሪ የተጻፈበትን አይሰጥም። የሠፈሩ መብራት ሲጠፋ የአገልግሎት ሰጪው የአካባቢ መሣሪያም አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ግን በቤት ያለው ባትሪ አይረዳም። ያን የሚያሳየው መብራት በጠፋ ጊዜ የሚደረግ ፒንግ ብቻ ነው።

አሁን ማስታወሻዋን ላንብባት። ከሳምንት በፊት፣ በቃለ መጠይቁ ዕለትና ሰዓት፣ ወደ ራውተሩና ወደ ውጭ በባዶና በጭነት ለካ፤ አራቱንም ቁጥሮች ጻፍ። ወደ ራውተሩ የሚሄደው ከዘለለ ገመድ ዘርጋ፤ በጭነት ወደ ውጭ የሚሄደው ብቻ ካደገ የሚልከውን መሣሪያ ፈልግ፤ በባዶም ካደገ ሌላ መንገድ አሰናዳ። ከአንድ ቀን በፊት መጠባበቂያውን በእውነት ተጠቀምበት፤ ገመዱን ነቅለህ በስልኩ በኩል የአሥር ደቂቃ ንግግር አድርግ፤ የዳታ ሂሳብህንም አረጋግጥ። ከአንድ ሰዓት በፊት ስልኮችን ከዋይፋይ ለይ፣ ጥሪ አስተላልፍ፣ ላፕቶፑ ራሱን እንዳያድስ አቁም፤ ራውተሩን ግን አትንካው። ደኅና የሚሠራን ራውተር በመጨረሻዋ ሰዓት አጥፍቶ ማብራት ሌላ ችግር መጋበዝ ነው። ማስታወሻዋ ይህች ናት።

(ከዚህ በኋላ ከተሰብሳቢው ሁለት ጥያቄዎች ቀርበዋል።)

ጥያቄ፦ መምህር፣ ይህን ሁሉ አድርገን በቃለ መጠይቁ መካከል ድምፃችን መቆራረጥ ቢጀምርስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ካሜራችሁን አጥፉ። ከምትልኩት አብዛኛው ምስል ነው፤ ምስሉ ሲቀር ለድምፁ ከአንድ አሥረኛ ሜጋቢት በታች ይበቃዋል። ግን ድንገት ከመጥፋት በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ «መስመሩ ቢያስቸግር ካሜራዬን አጥፍቼ በድምፅ እቀጥላለሁ» ብሎ ማስታወቅ ይገባል፤ የዚያን ጊዜ ካሜራው ሲጠፋ ጠያቂው አይደናገርም። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ካልተሻለ ወደ ሞባይሉ ተሻገሩ። ስትሻገሩ ንግግሩ ለጥቂት ሰከንዶች ተቋርጦ ራሱ ይመለሳል፤ ከስብሰባው መውጣት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ድርጅቱ ቪፒኤን እንድንጠቀም ቢያዝዝ መዘግየቱን ይጨምራል?

መልስ፦ የቪፒኤኑ አገልጋይ ባለበት ስፍራ ይወሰናል። ፓኬታችሁ መጀመሪያ ወደዚያ ሄዶ ከዚያ ነው ወደ ጠያቂው የሚዞረው። አገልጋዩ በመንገድ ላይ ካለ ጭማሪው ጥቂት ነው፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሆነ ርቀቱ ይደመራል። ቪፒኤኑን ከፍታችሁ ወደ ውጭ ፒንግ አድርጉና ካልከፈታችሁት ጋር አነጻጽሩ። ቃለ መጠይቁ ራሱ በቪፒኤን እንዲደረግ ካልታዘዘ፣ ለዚያች ሰዓት ዝጉት።